ዝሆን የሞተ ዘመዱን አጥንት ለይቶ ያውቃል ወይስ ያገኘውን ሁሉ ነው የሚዳብሰው?

ባለመቀሱ (አዘዞ)

እንዴት ዋላችሁ። ጥያቄው ከኔ ይልቅ የደንበኞቼ ነው። እዚህ ጎንደር፣ አዘዞ ፀጉር ቤት አለኝ፤ ሰው ተራ ሲጠብቅ እንዳይሰለቸው ቴሌቪዥኑን ከፍቼ እተወዋለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ስለ ዱር እንስሳት የሚያሳይ ነገር መጣ። ሰባት ስምንት የሚሆኑ ዝሆኖች ሲሄዱ ሲሄዱ መንገዳቸው ላይ የዝሆን መንጋጋ አጥንት አገኙ። ድንጋዩንም ግንዱንም እያለፉ የመጡት ዝሆኖች እዚያች አጥንት ላይ ሲደርሱ ዝም ብለው ከበቧት። ትልቋ የኩምቢዋን ጫፍ ጥርስ ከተነቀለበት ጎድጓዳ ውስጥ አስገብታ ቀስ ብላ ትዳብሳለች። ሌላዋ ዞር ብላ የኋላ እግሯን አንስታ በውስጥ እግሯ ነካ ታደርገዋለች፣ ትተወዋለች፣ ደግሞ ነካ። እኔ ግማሽ የተላጨ ሰው ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ክርክር ተነሳ። አንዱ ደንበኛ "የእናታቸው አጥንት ነው፤ ዝሆን ዘመዱን ከሞተ በኋላም ለይቶ ያውቃል" አለ። ጎረቤቴ ባለ ጋራዡ "የምን እናት? ጨው ፍለጋ ነው። ላም አጥንት ስትቆረጥም አይተህ አታውቅም?" አለው። እናቴ ምሳዬን ይዛ መጥታ ነበርና "ጉንጫቸው ላይ እንባው ሲወርድ እያያችሁ ምን ያከራክራችኋል፣ እያለቀሱ ነው" ብላ ዘጋችው። አልተዘጋም ግን፤ እስከ ዛሬ ሰው ወንበር ላይ በተቀመጠ ቁጥር ይከፈታል። የሚያውቅ ካለ ማን ልክ እንደሆነ ይንገረን።

ናቲ ማራኪ

ቀላል ነው። ዝሆን መቃብር ቦታ አለው። የሚሞትበት ቀን ሲደርስ ይታወቀውና ሄዶ ከአባት ከአያቶቹ አጥንት ጎን ይተኛል። ስለዚህ እዚያ ያገኙት አጥንት የዘመዳቸው መሆኑ አያጠራጥርም። አለቀ።

ቢኒ ፒያሳ

የዝሆን ጥርስ ከሆነ ጉዳዩ፣ አያቴ ቤት አንድ የድሮ አምባር አለ። ስንት የሚያወጣ ይመስላችኋል?

ባለመቀሱ (አዘዞ)

ቢኒ ወንድሜ ጥያቄውን እንደገና አንብበው 😂

ወለተ ቆላ

ቢኒ፣ አምባሩን ለአያትህ ተውላቸው። የዝሆን ጥርስ መነገድ በሕግ ክልክል ነው፤ ለመሸጥ ስታዞረው ብትያዝ የሚከተለው ከዋጋው ይበልጣል።

ወደ ጥያቄው ልምጣ። ለሁለተኛ ዲግሪ ሥራዬ ደቡብ ምዕራብ ጨበራ ጩርጩራ ፓርክ ውስጥ ወራት ከርሜያለሁና ነገሩ ይመለከተኛል። የፀጉር ቤቱን ተከራካሪዎች ሁሉንም በከፊል ላስከፋቸው ነው።

ከእናትህ ልጀምር፤ ያዩት ነገር እውነት ነው፣ ስሙ ግን እንባ አይደለም። ዝሆን በዓይኑና በጆሮው መካከል፣ ከቆዳው ሥር አንድ እጢ አለው። ስሜቱ ሲናወጥ ከዚያ ፈሳሽ ይወጣና በጉንጩ ላይ ጥቁር መስመር ሠርቶ ይወርዳል። ሬሳ አጠገብ ሲቆሙ ይወርዳል። ተለያይተው የከረሙ ዘመዳሞች ሲገናኙም እንደዚያው ይወርዳል፤ ያኔ ጆሯቸውን እያርገበገቡ፣ እየጮኹ፣ እየተሻሹ ነው የሚገናኙት። ስለዚህ መስመሩ "ልባቸው ተነክቷል" ይልሃል እንጂ ሐዘን ይሁን ደስታ አይነግርህም። እናትህ ልባቸው እንደተነካ አውቀዋል፣ ከዚያ አልፈው ግን ሄዱ።

ባለ ጋራዡም ሞኝ አይደለም። ከብት፣ ቀጭኔም ጭምር፣ ማዕድን ሲያንሰው አጥንት ያኝካል። ነገር ግን ጨው ቢሆን ኖሮ የጎሽ አጥንትም ያው ጨው ነው። ይህን ደግሞ ሰው ፈትኖታል።

ፈተናው የተደረገው ኬንያ ውስጥ አምቦሴሊ ነው። እዚያ ሲንቲያ ሞስ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የዝሆን ቤተሰቦችን እየተከታተለች ስለኖረች፣ የትኛዋ የማን ልጅ፣ የማን እህት እንደሆነች በስም ይታወቃል። ይህ ባይኖር ፈተናው አይቻልም ነበር። እሷና ካረን ማኮም፣ ሉሲ ቤከር የምትባል ሌላም ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሥራ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ለዝሆኖች ሦስት ነገር ደርድረው አስቀመጡላቸው፦ የዝሆን ራስ ቅል፣ የዝሆን ጥርስ፣ እንጨት። ዝሆኖቹ ከሁሉም በላይ ጥርሱን፣ ቀጥለው ራስ ቅሉን አሸተቱ፣ ዳበሱ፤ እንጨቱን ብዙም አላሉትም። ሁለተኛው ላይ የዝሆን፣ የጎሽና የአውራሪስ ራስ ቅል ጎን ለጎን ተቀመጠ። የዝሆኑን መረጡ። የባለ ጋራዡ ጨው እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው።

ሦስተኛው ነው የናንተ ጥያቄ። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ መሪ እናታቸው የሞተችባቸው ሦስት ቤተሰቦች ነበሩ። የሦስቱን መሪዎች ራስ ቅል አንድ ላይ ደርድረው ለየቤተሰቡ አሳዩ። ልጆቿና እህቶቿ የሷን ከሌሎቹ ይለያሉ ወይ? አልለዩም። ሦስቱንም እኩል ዳበሱ።

ስለዚህ "የእናታቸው አጥንት ስለሆነ ነው" ያለው ደንበኛህ ማስረጃ የለውም። የዝሆን አጥንት ስለሆነ ነው።

ናቲ ማራኪ

ታዲያ የዝሆን መቃብር የሚባለው ውሸት ነው? ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ የኖርኩት።

ወለተ ቆላ

ናቲ፣ አጥንት ተከማችቶ የሚገኝባቸው ቦታዎች አሉ፤ ምክንያቱ ነው የተዛባው። ዝሆን በዕድሜው ስድስት ዙር መንጋጋ ጥርስ ያወጣል። የመጨረሻው ስድሳ ዓመት አካባቢ ላይ ሲያልቅ ቅርፊትና ደረቅ ቅርንጫፍ መፍጨት ያቅተዋል። ስለዚህ ለስላሳ ሣር ወዳለበት ረግረግ፣ ወደ ወንዝ ዳር ይወርዳል፤ እዚያው እየከሳ ይሞታል። ከሱ በፊት የነበረውም፣ ከሱ በኋላ የሚመጣውም ሽማግሌ ለዚያው ሣር ብሎ እዚያው ይወርዳል። ያዞራቸው ሆዳቸው ነው፣ መቃብር ፍለጋ አይደለም። ድርቅ ሲሆንም የመጨረሻው ኩሬ ዙሪያ እንደዚሁ ይከማቻል።

ሲስተር ሙሉ

ወለተ ቆላ፣ ጥሩ ነው የነገርሽን፣ ግን ሁለት ነገር አልተዋጠልኝም። አንደኛ ሦስት ቤተሰብ በጣም ትንሽ ነው። እኛ ሆስፒታል ውስጥ ሦስት ታማሚ አይቶ "መድኃኒቱ አይሠራም" የሚል ሰው ቢመጣ እናባርረዋለን። ሁለተኛ፣ አጥንቱ እኮ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ፀሐይ ላይ የነበረ ነው። ሽታው ጠፍቶ ከሆነስ? አላወቁም ማለት ማወቅ አይችሉም ማለት ነው?

ወለተ ቆላ

ሲስተር፣ ሁለቱም ትክክል ነው። ሦስት ቤተሰብ ትንሽ ነው፤ ግን አስቢው፣ መሪዋ በታወቀ ቦታ መሞት አለባት፣ ራስ ቅሏ በሰው እጅ መገኘት አለበት፣ ቤተሰቡም የታወቀ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ የተሟላለት ቦታ በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠር ነው።

ስለ ሽታው ያልሽው ግን የነገሩ ልብ ነው። ዝሆን ወደ 2000 የሚጠጉ ሽታ ለመለየት የሚያገለግሉ ጂኖች አሉት፤ ከሰው አምስት እጥፍ ግድም ነው፣ ከውሻም ከእጥፍ በላይ። በሕይወት ያለን ዘመድ በሽታ ለይተው እንደሚያውቁ ደግሞ የሚያስደንቅ ማስረጃ አለ። እዚያው አምቦሴሊ ተመራማሪዎች አንዲት ዝሆን የሸናችበትን አፈር ያነሱና መንጋው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ቀድመው ያኖሩታል። መንጋው ደርሶ ያሸታል። ሽንቱ ከኋላ እየተከተለች ያለች የቤተሰብ አባል ከሆነ ረዘም ያለ ጊዜ ያሸቱታል። "ይህቺ ከኋላዬ ነበረች፣ እንዴት ቀደመችኝ?" እንደ ማለት ነው። ማን ከፊት፣ ማን ከኋላ እንዳለ በጭንቅላታቸው ይዘው ነው የሚሄዱት።

ስለዚህ ትኩስ ሆኖ ሳለ ያውቃሉ ብዬ ብወራረድ አልፈራም። የደረቀው አጥንት ላይ ግን የሚቀረው "ይህ ከኛ ወገን የሆነ ነው" የሚለው ብቻ ይመስለኛል፤ ማን መሆኑ ከሥጋው ጋር ይሄዳል። ይህ የኔ ግምት ነው፣ ተቀበይውም አትቀበይውም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ዝሆኖች የሚመላለሱት በራሳቸው አገር ውስጥ ነው፣ ዘመዶቻቸውም የሚሞቱት እዚያው። ያገኙትን የዝሆን አጥንት ሁሉ የሚዳብሱ ከሆነ የዘመዳቸውን መዳበሳቸው አይቀርም። ካሜራ የያዘ ሰው "የእናቷን አጥንት ስትነካ" ብሎ ቢጽፍ አልዋሸም፤ እሷ ግን የእናቷ ስለሆነ ይሁን አይሁን አልነገረችውም።

ባለመቀሱ (አዘዞ)

እሺ ይህ ገባኝ። ግን ለምን መንጋጋና ራስ ቅል? ለምን ጥርስ? በቪዲዮው ላይ የጎን አጥንትም ተበትኖ ነበር፣ ዞር ብለው ያዩት አልመሰለኝም።

ወለተ ቆላ

ጥሩ አይተሃል። ሁለት ዝሆኖች ሲገናኙ እንዴት ሰላም እንደሚባባሉ አይተህ ታውቃለህ? አንዷ የኩምቢዋን ጫፍ የሌላዋ አፍ ውስጥ ታስገባለች። ጥርሷን ትነካለች፣ ያ እጢ ያለበትን የጉንጯን ቦታ ታሸታለች። ከዚያ ጫፉን ወደ ራሷ አፍ መልሳ ላንቃዋ ላይ ታስነካዋለች፤ እዚያ ሽታን የሚቀምስ ሌላ የስሜት ቦታ አለ። እኛ ፊት አይተን "እገሌ ነው" እንደምንል እነሱ አፍና ጥርስ ዳብሰው ነው የሚሉት። ሬሳውም አጥንቱም ላይ ኩምቢው የሚሄደው ወደዚያው ወደለመደው ነው። የዝሆን ጥርስ ደግሞ በሕይወት ሳለም ከሞተም በኋላ መልኩ አይለወጥም። ከሁሉም በላይ ጥርሱን የመረጡት ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ጨበራ ሳለሁ ስካውቱ አንድ ቀን ጠዋት ጠርቶ አንድ ራስ ቅል አሳየኝ። የቆየ ነው፣ ሣር በቅሎበታል፣ ሁልጊዜ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር የምናውቀው። ዛሬ ተገልብጧል። ዙሪያውን መሬቱ በእግር ተረግጦ ለስልሷል፤ ጥርሱ ይገኝበት የነበረው ቀዳዳ ጠርዝ ላይ አቧራውና ሸረሪት ድሩ ተጠርጓል፣ እርጥብ ነው፣ ጭቃ ነክቶታል። ሌላው የአጥንቱ ክፍል እንዳለ ነጭ አቧራውን ለብሶ ተቀምጧል። ማን እንደዳበሰው አላየሁም። የት የት እንደዳበሰው ግን አጥንቱ ላይ ተጽፎ ነበር።

አስጎብኚው ዘፋሲል

ጣልቃ ልግባ። ይህ ወሬ ከጎንደር የራቀ መስሏችሁ ከሆነ ተሳስታችኋል። ቱሪስት ስንወስድ የታላቁ ኢያሱ ግንብ ውስጡ በዝሆን ጥርስ ያጌጠ እንደነበር እንናገራለን፤ ያ ጥርስ የመጣው ከዚሁ ከታች ከቆላው ነበር።

ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በኛ አቆጣጠር 1762 ዓ.ም. ጎንደር ገብቶ፣ በ1764 ወደ ሱዳን ሲወጣ በምዕራቡ ቆላ ከዝሆን አዳኞች ጋር አድኗል። ፈረሰኞቹ የዝሆኑን ቋንጃ በሰይፍ ይቆርጡታል፤ ከዚያ በኋላ መነቃነቅ የለም። በመጨረሻ ግልገል ያላት አንዲት እናት ቀረች። ቋንጃ ቆራጮቹ ጥርሷ ትንሽ ነው ብለው ሊተዋት ነበር፣ ሌሎቹ አልሰማ አሉ። እሷን ቆርጠው በጦር ሊወጓት ሲጠጉ፣ ማንም ያልተከታተለው ግልገል ከጫካው ወጥቶ በፈረሱም በሰውም ላይ ይወረወር ጀመር። ብሩስ እናቲቱን ተዉአት ብሎ ጮኸ፣ ግን አልፎ ነበር። ግልገሉ አብሮት ከነበሩት መኳንንት አንዱን እግሩ ላይ ስለጎዳው ሰውየው በጦር ወጋው፣ ሌሎቹም ጨመሩለት። ከእናቱ ፊት ወድቆ ሞተ።

ይህን ለቱሪስት ስናገር ሁሌም ዝም ይላሉ። ለኔ ጥያቄው ይህ ነው፦ አጥንት መዳበሱ ይቅርና ወድቆ ያለውን የሚከቡትስ ለምንድን ነው?

ሲስተር ሙሉ

የብሩስ ግልገል እናቱ በሕይወት እያለች ነው የተከላከለላት። ከሞት ጋር ባናገናኘው። ልጅ ወደ እናቱ መሮጡ ዶሮም ታደርገዋለች።

ወለተ ቆላ

ሲስተር ልክ ነሽ፣ ግን ፍንጩ ያለው እዚያው ላይ ይመስለኛል። የሚከቡት መጀመሪያ የሞተ መሆኑን አውቀው አይደለም። የወደቀ ነው ብለው ነው። ይህን በደንብ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ፤ ደቂቃ በደቂቃ የተመዘገበ ስለሆነ ልዘርዝረው።

ሰሜን ኬንያ፣ ሳምቡሩ። ኤሌኖር የምትባል የአንድ ቤተሰብ መሪ ነበረች። ተመራማሪዎቹ፣ እነ ኢያን ዳግላስ ሃሚልተን፣ ለቤተሰቦቹ ሁሉ ስም አውጥተውላቸዋል፤ አንዳንዶቹም የጂፒኤስ ቀበቶ አንገታቸው ላይ ታስሮላቸው ስለነበር የት የት እንደሄዱ ይታያል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 10 ቀን 2003 ኤሌኖር ኩምቢዋ አብጦ መሬት ለመሬት እየጎተተችው ታየች። ማታ ከ12 ሰዓት እንዳለፈ ወደቀች።

ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ግሬስ የምትባል ሌላ መሪ ደረሰች። ግሬስ የኤሌኖር ቤተሰብ አይደለችም፤ ይህን ያዙልኝ። በኩምቢዋም በእግሯም ዳበሰቻት፣ ከዚያ ጥርሷን ከሥሯ አስገብታ አንስታ አቆመቻት። ኤሌኖር ቆመች፣ ግን ጉልበት የላትም። ግሬስ ከኋላ እየገፋች ልታስኬዳት ሞከረች። እንደገና ወደቀች። ግሬስ ጮኸች፣ ገፋች፣ በጥርሷ ልታነሳ ሞከረች፤ አልሆነም። የጉንጯ ፈሳሽ ይወርድ ነበር፣ የአዘዞዋ እናት ቢያዩ እንባ የሚሉት። የራሷ መንጋ ጥሏት ሄደ፣ እሷ ቢያንስ ሌላ አንድ ሰዓት ቆየች፣ መሸ። ኤሌኖር በማግስቱ ረፋድ 5 ሰዓት ግድም ሞተች።

የተንከባካቢ ሥራ ነው ይህ። ግልገል ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው፦ ከሥር ማንሳት፣ ከኋላ መግፋት። ስለዚህ መከበቡ የሚጀምረው እርዳታ ሆኖ ነው። የሚገርመው እርዳታው ከንቱ መሆኑ ከታወቀ በኋላ አለመቆሙ ነው። ማዊ የምትባል ከሌላ ቤተሰብ የመጣች ሬሳውን አሸተተች፣ ዳበሰች፣ ኩምቢዋን ወደ አፏ መልሳ ቀመሰች። ቀኝ እግሯን በሬሳው ላይ አንዣበበች። ገፋች፣ ጎተተች። መጨረሻ ላይ ሬሳው ላይ ቆማ ወዲያና ወዲህ ትወዛወዝ ነበር።

በሚቀጥሉት ቀናት ውስጥ አምስት ቤተሰቦች ናቸው ወደዚያ ሬሳ የመጡት። የኤሌኖር ቤተሰብ አንዱ ብቻ ነው። ዘመድ የሆኑትም ያልሆኑትም መጡ፣ ቆሙ፣ ዳበሱ። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት ድምዳሜ ይህ ምላሽ በዘመድ ላይ ብቻ የተወሰነ አይደለም የሚል ነው። አጥንቱ ላይ ካየነው ጋር ይገጥማል።

የስድስት ወር ግልገሏስ? ሬሳው አጠገብ ስትንደፋደፍ ታየች። ሌሎች እናቶችን ለመጥባት ሞክራ አልተሳካላትም። ከዚያ በኋላ ከጥቂት ወራት በላይ ያያት የለም። አራት መስመር ጽፌ ይህን ለማስገባት አመነታሁ፣ ግን የሁሉ መዝጊያ "ተረዳዱ" እንዳይመስላችሁ ነው። ግሬስ አንስታ ልታቆም መጣች፣ የኤሌኖርን ልጅ የሚያጠባ ግን አልመጣም።

ሲስተር ሙሉ

ይህ አሳመነኝ። ግን "ሐዘን" የሚለውን ቃል አልቀበልም አሁንም። ስንት ዓመት አስከሬን ሳይ ኖሬያለሁ፤ አልቃሽ ዘመድም፣ ለማየት የሚመጣ ጎረቤትም ሁለቱም ቆመው ነው የሚያዩት። መቆም ብቻውን አይለይም።

አስጎብኚው ዘፋሲል

ግን ሲስተር፣ ጎረቤቱም እኮ ለቅሶ ደርሶ ነው የሚባለው።

ወለተ ቆላ

ቃሉን እኔም በጽሑፌ ውስጥ አልጻፍኩትም። ውስጣቸውን የምንለካበት ነገር የለንም። የምንለካው ስንት ደቂቃ ቆሙ፣ የት ዳበሱ፣ ፈሳሹ ወረደ ወይ፣ ተመልሰው መጡ ወይ የሚለውን ነው። ቤት ስገባ ግን የማስበው ሌላ ነው፣ እሱን ለራሴ ልተወው።

ጋሽ መንገሻ ዘቋራ

ልጆቼ፣ ጸሐፊ የልጅ ልጄ ነው፣ እኔ እየነገርኩት ነው የሚከትበው። አያቴ የዝሆን ዳና ያውቅ ነበር፣ እኔ ግን የማውቀው ከብት ነው፣ ስለከብት ልናገር።

በሬ የታረደበት መሬት ላይ ከብቶቹን ስትነዳ ያየ ሰው ካለ ይመሰክር። ደሙ የፈሰሰበት ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ያሸታሉ፣ መሬቱን በቀንዳቸው ይወጋሉ፣ በእግራቸው ይጭሩታል፣ ያጓራሉ። ጅራፍ አይነቀንቃቸውም። የኛ ሰው "ከብቱ አለቀሰ" ይላል።

ሌላም አለ። ጥጃዋ የሞተባት ላም ወተቷን ትይዛለች፣ አትታለብም። ያኔ የጥጃውን ቆዳ እንገፍና ጭድ እንሞላዋለን፣ ፊቷ እናቆመዋለን፣ ትንሽ ጨው እንቀባዋለን። ትልሰዋለች፣ ወተቷ ይወርዳል። ዓይኑ የሌለ፣ እግሩ የሌለ ቆዳ መሆኑን እያየች ነው። ባለ ጋራዡ ጨው ያለውም፣ እናትዮዋ ልጇን ያለችውም አንድ ቆዳ ላይ አሉ።

ባለመቀሱ (አዘዞ)

ጋሽ መንገሻ፣ ይህን ለባለ ጋራዡ እነግረዋለሁ፣ ግማሽ ድል ነው ብሎ ነው የሚይዘው 😂

ወለተ ቆላ

ጋሽ መንገሻ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን የሚያህል ነገር ከየትም አላገኝም ነበር። ሁለት ጥያቄ ልጠይቅዎት። ደሙ ላይ የሚያጓሩት የታረደው በሬ አብሯቸው የዋለ ከብቶች ብቻ ናቸው ወይስ የጎረቤትም ከብት እንደዚያ ያደርጋል? ደግሞ ዝናብ ከዘነበ በኋላስ?

ጋሽ መንገሻ ዘቋራ

የጎረቤትም ያደርጋል። ከሌላ መንደር ለገበያ የሚነዳ ከብት ሲያልፍ እንኳ ሲያደርግ አይቻለሁ፣ በሬውን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። ዝናብ ከመታው በኋላ ግን ዝም ብለው ነው የሚያልፉት።

ወለተ ቆላ

ያው ነው፤ ዘመድ አይለይም፣ ሽታው ካለ ይቆማሉ፣ ከሌለ ያልፋሉ። ዝሆኑ የሚለየው አንድ ነገር ላይ ነው፤ ከዓመታት በኋላም አጥንቱ ላይ መቆሙን አይተውም። የከብቶቹን ዝናብ ያጥበዋል።

ጋሽ መንገሻ ዘቋራ

አብዛኛው ልጄ፣ ሁሉ አይደለም። ቡሬ የምትባል ላም ነበረችን። ወንድ ልጇን በሬ አድርገን ዓመት አርሰንበት ከጎተራው ኋላ አረድነው፣ በፋሲካ ነው። ክረምቱ ገባ፣ ዝናቡ መሬቱን አጠበው፣ ሣሩ በቀለበት። ሌላው ከብት ሁሉ ይግጥበታል። እሷ እስከ መስቀል ድረስ እዚያ ሣር ላይ ስትደርስ አንገቷን ቀና አድርጋ በዳር በዳር ትዞር ነበር። የልጅ ልጄ "ምናልባት ጭቃ ስለሆነ ነው" ይላል። ጭቃ አልነበረም።

ሲስተር ሙሉ

ጋሽ መንገሻ፣ ስታርዱት እሷ ታይ ነበር?

ጋሽ መንገሻ ዘቋራ

በረት ውስጥ ነበረች። ማየቷን አላየሁም፣ ስታጓራ ግን ሰምቻለሁ።